ክንድ ሳይሰራ ክንድ ሲያም

ጥያቄ፦ "እማዬ 58 አመቷ ነው ስኳር አለባት። ግራ ትከሻዋንና ክንዷን ካመማት 5 ወር አለፈ። የትከሻ ኤክስሬይ ተነስታ ትንሽ መገጣጠሚያው ተበልቷል አሏት፣ ዲክሎፌናክ ትወስዳለች፣ መርፌ ስትወጋ ደግሞ ለጥቂት ቀን ይሻላታል። አንድ ሰው ልብ እንዳይሆን ብሎ አስደነገጠን ግን ኢሲጂ ተነስታ ኖርማል ነው ደረቷንም አያማትም። ልብ ቢሆን ደረቷን አያማትም ነበር ወይ? ወይስ ዝም ብለን ፊዚዮቴራፒ እንቀጥል? ትልቋ ልጇ ነኝ።"

የልቡ ጉዳይ አልተዘጋም። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢሲጂ ኖርማል መሆኑም ደረታቸውን አለማመሙም አይዘጋውም። ለምን እንደማይዘጋው ከማስረዳቴ በፊት ግን አንድ ታካሚዬ ላይ የሆነውን ልንገርሽ፣ እናትሽን ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ከሱ ታሪክ በተሻለ የሚያሳይ ነገር የለኝም።

ሰውዬው የ54 አመት ነጋዴ ነው፣ ገበያ ውስጥ መደብ አለው ጨርቅ ይሸጣል። በየቀኑ ጠዋት ጥቅል ጥቅሉን ጨርቅ ከመጋዘን አውጥቶ በግራ ትከሻው እየተሸከመ መደቡ ድረስ ያመላልሳል፣ ማታ ደግሞ ይመልሰዋል፣ 20 አመት እንደዚ ነው የሰራው። አንድ ቀን ጠዋት ሁለተኛውን ጥቅል ይዞ ሲሄድ ግራ ትከሻው ላይ የሆነ ከባድ ነገር መጣበት፣ ከዛ በክንዱ የውስጠኛው ጎን ወረደና እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ አዛለው። ጥቅሉን አውርዶ ቁጭ ሲል ለቀቀው። በማግስቱም መጣ፣ በሳልስቱም መጣ። ይሄን የሰማ ሰው ምን ይላል? ሸክም ትከሻህን ጎድቶታል ነው የሚለው። እሱም ያለው ይሄንኑ ነው፣ ሚስቱም፣ አጠገቡ ያሉት ነጋዴዎችም፣ መጀመሪያ ያየው ሀኪምም። 20 አመት ሙሉ በአንድ ትከሻ የተሸከመ ሰው ያንኑ ትከሻ አመመኝ ሲል ሌላ ነገር ማሰብ ይከብዳል፣ ያን ቀን የተቀመጥኩት እኔ ብሆን እኔም ኤክስሬይ የማዝ ይመስለኛል።

እንደዚ ሆኖ 7 ወር ሄደ። የትከሻ ኤክስሬይ ተነሳ፣ በእድሜው ያለ ሰው ሁሉ ላይ የሚገኘው አይነት ትንሽ መበላት ታየ። ከዛ የአንገት ኤክስሬይ፣ እዛም ትንሽ ነገር አልጠፋም፣ ነርቭ ተጭኖ ነው ተባለ። ማስታገሻው ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ቅባት፣ መታሸት፣ መሀል መሀል መርፌ። በአራተኛው ወር ላይ አንድ ሀኪም ልብ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ ኢሲጂ አስነሳው፣ ጎበዝ ሀኪም ነበር፣ ግን ኢሲጂው ኖርማል ሲሆን "ልብህ ንጹህ ነው" አለውና ከዛች ቀን ጀምሮ ልብ የሚባል ነገር ከሁሉም ሰው ጭንቅላት ወጣ። የኔ ሀሳብ ያ ወረቀት ባይነሳ ይሻል ነበር አይደለም፣ ግን ወረቀቱ የማይለውን ነገር አናገሩት።

በነዚህ 7 ወራት ውስጥ ሰውዬው ራሱ የሚያውቃቸው ግን ማንም ያልጠየቀው ሶስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ ጠዋት ጥቅሉን ሲያወጣ ያመዋል፣ ማታ ያንኑ ጥቅል ሲመልስ ግን አያመውም ወይ በጣም ትንሽ ነው። "ሰውነቴ ሲሟሟቅ ይለቀኛል" እያለ ነበር የሚያስረዳው። ሁለተኛ፣ ትከሻዬ ይረፍ ብሎ ሸክሙን ወደ ቀኝ ትከሻው አዙሮት ነበር፣ ህመሙ ግን አሁንም በግራው ነው የሚመጣው። ይሄን ደግሞ "ያ ጉዳት ገና ስላልዳነ" ብሎ ተረጎመው። ሶስተኛ ደረጃ ሲወጣ ባዶ እጁን ሆኖ ግራ ክንዱ ይዝላል። ይቺ ሶስተኛዋ ነች ሁሉንም የሚገለብጠው። ደረጃ ስትወጪ የሚሰራው እግር ነው፣ ክንድ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። የማይሰራ ክንድ ከሸክም የተነሳ እንዴት ያማል?

ያስተዋለችው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሰውዬው ሁሌ ሲገባ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ደግፎ ይገባል፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ስሙን እስክትመዘግብ ደግሞ ህመሙ ይጠፋል። ከዛ ክንዱን ወደላይ ወደኋላ ወደጎን ስታንቀሳቅሰው፣ ገፍቶ እንዲቋቋማት ስታደርግ፣ ያ ህመም አይመጣም። ወደላይ እስከመጨረሻው ሲያነሳ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አለ፣ ግን እሱ ራሱ "ይሄ ሌላ ነው፣ ያ አይደለም" ነው ያላት። አምስተኛው ቀን ላይ ህክምናውን ትታ ቁጭ አድርጋ ጠየቀችውና ወደ ልብ ክፍል ላከችው። የላከችው ወረቀት ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፣ "ትከሻውን ሳንቀሳቅሰው አያመውም፣ ደረጃ ሲወጣ ያመዋል" የሚል። ምርመራው ግማሹ እዛች መስመር ላይ አልቋል።

እኔ ጋ ሲመጣ ደረትህን ያምሀል ወይ አልኩት፣ አያመኝም አለ። ቃሉን ቀይሬ ደረትህ ላይ ይከብድሀል ወይ፣ ይጫንሀል፣ ያፍንሀል ወይ ስለው ግን "እሱማ አለ፣ ክንዴ ሲዝል እዚ ጋ ጨምደድ ይላል፣ ግን ህመም አይደለም" ብሎ መዳፉን ደረቱ መሀል ላይ አደረገው። ለዚህ ነው እናትሽ ደረቴን አያመኝም ማለታቸው ብቻውን የማያሳምነኝ። ብዙ ሰው ህመም ሲባል የሚወጋ ወይም የሚቆርጥ ነገር ነው የሚያስበው፣ የልብ ደም ማነስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይወጋም፣ ይከብዳል፣ ያጣብቃል፣ ያዝላል፣ ያፍናል። እና ደግሞ ደረት ላይ ጭራሽ ምንም ሳይሰማ ክንድ ብቻ፣ ወይ መንጋጋ ብቻ፣ ወይ በትከሻዎች መሀል ጀርባ ላይ ብቻ፣ ወይ ከእምብርት በላይ ሆድ ላይ ብቻ የሚሰማው ሰው አለ። ግራ ብቻ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም፣ ቀኝ ክንድም ሁለቱም ክንድ ይሆናል።

ልብ ሆኖ ሳለ ክንድ ለምን ያማል ለሚለው፣ ሁለት በር ያለው ቤት አስቢ፣ ደወሉ ግን አንድ ነው። ደወሉ ሲጮህ ውስጥ ያለው ሰው የትኛው በር እንደተደወለ አያውቅም፣ ሁሌ ሰው የሚመጣበትን በር ነው ሄዶ የሚከፍተው። ከልብ የሚመጡት የህመም ነርቮች አከርካሪ ውስጥ የሚገቡት አንገት ታችና ደረት ላይኛው ክፍል ላይ ነው፣ የክንድ የውስጠኛው ጎንና የደረት ቆዳ ነርቮችም እዛው ነው የሚገቡት። አንጎል ከክንድ መልእክት ሲቀበል ነው የኖረው፣ ከልብ ግን በህይወቱ ሰምቶ አያውቅም ስለዚ ክንድ ነው ብሎ ይገምታል። ሰውዬው ክንዱን አመመኝ ሲል አልዋሸም አልተሳሳተምም፣ በትክክል የሚሰማው እዛ ነው። ህመሙ በውስጠኛው ጎን ወደ ትንሿ ጣት መውረዱም ከዚህ ነው። አንገት ላይ ነርቭ ሲጫን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አውራ ጣት ወይ ወደ መሀል ጣት ነው የሚሄደው፣ መደንዘዝና እንደ መርፌ የሚወጋጋ ነገር አለው፣ አንገት ሲያዞሩም ይብሳል። ይሄ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፣ ትንሿ ጣት ጋ የሚሄድ የነርቭ ችግርም አለ።

ሸክሙ ለምን ቀሰቀሰው ታዲያ? እዚ ላይ ነው ሁሉም የተሸወደው። ለተመሳሳይ ስራ ከእግር ይልቅ በክንድ መስራት የልብ ምትና የደም ግፊትን የበለጠ ከፍ ያደርጋል፣ ከባድ ነገር ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ደግሞ ይብሳል። ስለዚ ሸክሙ ያስቸገረው ትከሻውን ሳይሆን ልቡን ነበር፣ የልቡ ደም ስር ጠቦ ስለነበር በእረፍት ጊዜ የሚበቃው ደም ልብ ስራ ሲበዛበት አልበቃ አለ። ሸክሙን ወደ ቀኝ ቢያዞረውም ያው ነው፣ ልብ በየትኛው ትከሻ እንደተሸከምሽ አያውቅም። ጠዋት አሞት ማታ መተዉም የታወቀ ነገር ነው፣ ጠዋት የልብ አቅም ዝቅ የሚልበት ሰው ብዙ ነው፣ ደግሞ የመጀመሪያው ድካም ካመመ በኋላ ትንሽ አርፈው ሲቀጥሉ ያው ስራ የማያምበት ሁኔታ አለ። ጡንቻ ሲሟሟቅ ይለቃል ከሚባለው ጋር ቁርጥ አንድ አይነት ነው የሚመስለው።

አሁን ኢሲጂው። እረፍት ላይ ተኝቶ የሚነሳ ኢሲጂ የሚያሳየው በዛች ቅጽበት ልብ ላይ ያለውን ነው፣ እንደ ፎቶ። በስራ ጊዜ ብቻ ደም የሚያንሰው ልብ ተኝቶ ሲያርፍ ደም አላነሰውም ስለዚ ፎቶው ንጹህ ይወጣል። የልብ ደም ስር ጠቦባቸው በድካም ጊዜ ብቻ ከሚያማቸው ሰዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉ እረፍት ላይ ኖርማል ኢሲጂ ነው ያላቸው። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ነው የሚጨምረው፣ በድካም ጊዜ ብቻ ለሚመጣው ጊዜያዊ የልብ ህመም ኖርማል ሊሆን ይችላል። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድም ልክ እንደዛው፣ የልብ ጡንቻ ጠባሳ ካለ ያሳያል፣ የቫልቭ ችግር ያሳያል፣ ደም ስሩ መጥበቡን ግን እረፍት ላይ ላያሳይ ይችላል። የኔ ነጋዴ ኢሲጂውም ኢኮውም ኖርማል ነበር።

ትሬድሚል ላይ አወጣነው፣ ማለትም ኢሲጂ ተገጥሞለት እየተራመደ ፍጥነቱና ዳገቱ በየ3 ደቂቃው እየጨመረ ማለት ነው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ "መጣ፣ ያው ነው" አለ፣ እጁ መደገፊያው ላይ ዝም ብሎ ያረፈ ነው ምንም አልተሸከመም። እሱ መጣ ሲል ወረቀቱ ላይም መስመሩ ከቦታው መውረድ ጀመረ። አቆምነው አስቀመጥነው፣ በ4 ደቂቃ ውስጥ ክንዱም ለቀቀው መስመሩም ተመለሰ። 7 ወር ሙሉ የትከሻ የተባለው ህመም ከኢሲጂው መስመር ጋር አብሮ መጥቶ አብሮ ሄደ። ሰውዬው ወረቀቱን አይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዛ የጠየቀኝ "ታዲያ ትከሻዬ ምንም የለውም?" ብሎ ነው። ወደዚች ጥያቄ እመለሳለሁ።

ህመሙ በጥቂት ድካም የሚመጣ ስለነበር ደም ስሩን በቀጥታ ለማየት አንጂዮግራፊ ተደረገለት። የልብን የፊት ክፍል የሚመግበው ዋናው ቅርንጫፍ መጀመሪያው አካባቢ 90 ፐርሰንት ጠቧል፣ ሌላኛው ቅርንጫፍ ደግሞ ግማሽ ያህል። ጠባቡ ላይ ስቴንት የሚባለው ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ ገባ፣ ሌላው በመድሀኒት እንዲቆይ ተደረገ። በተጨማሪ አስፕሪን፣ ከስቴንቱ ጋር ለተወሰነ ወራት የሚሄድ ሌላ የደም መርጋት መከላከያ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን፣ የልብ ምት የሚቀንሰው ቢሶፕሮሎል፣ እና ሲያመው ምላሱ ስር የሚያደርጋት ናይትሮግሊሰሪን። ግፊቱ ሲመጣ 160 በ95 ነበር፣ ይሄን ግፊት ያመጣው ሙሉ በሙሉ ዲክሎፌናኩ ነው አልልም ግን አግዞታል፣ ሲያቆመው ወርዷል።

ስቴንት ላይ አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ቤተሰብ ሁሉ "ይገባለትና ይገላገል" ነው የሚለው። እንደዚ በድካም ጊዜ ብቻ ለሚያም የተረጋጋ የልብ ህመም ስቴንት በዋናነት ህመሙን ነው የሚያነሳው። በፈረንጅ 2020 የታተመው ኢስኬሚያ የሚባለው ትልቅ ጥናት ከ5000 በላይ ሰው ላይ ተሰርቶ መጀመሪያውኑ ወደ አንጂዮግራፊና ስቴንት ወይም ቀዶ ህክምና የተወሰዱት በደንብ መድሀኒት እየወሰዱ ከጠበቁት ይልቅ ሞት አልቀነሰላቸውም። ልዩነት ያለው ዋናው የግራ ደም ስር ራሱ ሲጠብ ነው ወይም የልብ የመምታት አቅም በጣም ሲዳከም፣ እንዲሁም ስኳር ያለበት ሰው ላይ ብዙ ቅርንጫፎች ሲጠቡ ቀዶ ህክምና ይሻላል። እድሜ የሚጨምረው በየቀኑ የሚዋጠው አስፕሪንና እንደ አቶርቫስታቲን ያለ ስታቲን፣ የግፊትና የስኳር ቁጥጥር፣ ሲጋራ ማቆም ነው። ህመሙ ሲጠፋ መድሀኒቱን የሚያቆም ሰው በተለይ ስቴንት ከገባ በኋላ በጣም ያሳስበኛል፣ ስቴንቱ ውስጥ ደም ረግቶ በድንገት ሊዘጋ ይችላል።

አሁን ወደ እናትሽ። እሳቸው ላይ ያለው ነገር ከነጋዴው ይልቅ የተወሳሰበ ነው፣ ምክንያቱ ስኳሩ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ትከሻ የሚደርቅበት በሽታ ከሌላው ሰው በጣም በብዛት ይመጣል፣ ክንድ ወደላይም ወደኋላም አልሄድ ይላል፣ ሌሊት በዛ ጎን መተኛት አይቻልም። በዛው ልክ ስኳር የልብ ደም ስርንም ያጠባል። ደግሞ ብዙ አመት የቆየ ስኳር የህመም ነርቮችን ስለሚያደነዝዝ ልብ ሲጨነቅ ደረት ላይ ምንም ላይሰማ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚ እሳቸው ላይ "ትከሻ ነው ወይስ ልብ" የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ነጋዴው ለጠየቀኝ መልሱም ይሄው ነበር። ስቴንቱ ከገባ በኋላ ደረጃ ሲወጣ የሚመጣው ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ ክንዱን እስከላይ ሲያነሳ የሚቆነጥጠው ግን ቀረ። እሱ እውነተኛ የትከሻ ጅማት ችግር ነበር፣ ወደዛችው ፊዚዮቴራፒስት ተመልሶ ሶስት ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ ተሻለው። ኤክስሬዩ አልዋሸም፣ ግን ደረጃ ሲወጣ ለሚመጣው ለሌላው ህመም ነው ምክንያት የተደረገው። "ሲጫኑት ያመዋል ስለዚ ልብ አይደለም" የሚባለውም እንደዚሁ ነው፣ ሲጫኑት የሚያም ነገር የልብን እድል ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

እናትሽን ተረጋግታችሁ ጠይቋቸው። ህመሙ የሚመጣው ክንዳቸውን ሲያንቀሳቅሱ ነው ወይስ ሲራመዱ፣ ዳገት ወይ ደረጃ ሲወጡ፣ ሲናደዱ፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው ሲንቀሳቀሱ? ቁጭ ሲሉ በስንት ደቂቃ ይለቃቸዋል? የልብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በ5 ደቂቃ አካባቢ ይለቃል፣ የትከሻ ከሆነ ከተነካ በኋላ ለሰአታት ይቆያል። ተቀምጠው አርፈው ክንዳቸውን በሁሉም አቅጣጫ ሲያንቀሳቅሱ ያው ህመም ይመጣል? አብሮት ትንፋሽ ማጠር፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ አለ? በፊት ሳይቸግራቸው የሚሄዱበትን መንገድ አሁን ቆም እያሉ ነው የሚሄዱት? ይሄኛው ላይ በደንብ ጠይቂ፣ ህመም እንዳይመጣባቸው ፍጥነታቸውን ሳያውቁት የቀነሱ ሰዎች አሉ፣ ያምሻል ሲሏቸው አሁን ተሽሎኛል ይላሉ። መልሱን ከእለቱ ሰአት ጋር ጻፉት፣ ሀኪሙ ጋ ስትሄዱ ከኤክስሬዩ በላይ የሚጠቅመው ያ ወረቀት ነው። ግን ለመፈተን ብላችሁ ደረጃ እንዳታስወጧቸው፣ የሆነውን ነው የምትጠይቁት እንጂ እንዲሆን አታደርጉም። ድካም ላይ መፈተን የሚቻለው ሀኪምና ኢሲጂ አጠገብ ሲኖር ብቻ ነው።

መርፌው ያሻላቸዋል ያልሽው ልክ ሊሆን ይችላል ግን ምንም አያረጋግጥም። የድካም የልብ ህመም አንድ ሳምንት ይብሳል አንድ ሳምንት ይቀላል፣ ሰው ደግሞ የሚወጋው በባሰበት ቀን ነው፣ ተወግቶ ደግሞ ያርፋል። ያረፈ ልብ ደግሞ አያምም። ነጋዴውም መርፌ በተወጋ ቁጥር ሁለት ሶስት ቀን ስራ ይቀር ነበር፣ ተሻለኝ የሚለውም በነዛ ቀናት ነው። መርፌው ውስጥ ምን እንዳለም ጠይቁ፣ ዴክሳሜታዞን ወይ ሌላ የስቴሮይድ አይነት ከሆነ ስኳራቸውን ከፍ ያደርገዋል። ዲክሎፌናኩን ግን ዛሬ አቁሙት። የልብ ደም ስር በሽታ ላለበት ሰው የተከለከለ መድሀኒት ነው፣ የልብ ድንገተኛ ህመም የመምጣት እድሉን ይጨምራል፣ ግፊት ያነሳል፣ ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊት ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጫና ነው፣ እና እሳቸው የልብ በሽታ የለባቸውም ተብሎ አልተረጋገጠም። እስኪታዩ ድረስ የጉበት ችግር ከሌለባቸው ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል። የስኳርና የግፊት መድሀኒታቸውን ግን በራሳችሁ እንዳትነኩ።

ቀጣዩ እርምጃ የልብ ሀኪም ነው፣ በዚህ ሳምንት። ስትገቡ "ትከሻዋን ያማታል" ብለሽ አትጀምሪ፣ እንደዛ ካልሽ ወደ ትከሻ ነው የምትመለሱት። "58 አመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ስትንቀሳቀስ ግራ ክንዷ ይዝላል ስታርፍ ይለቃታል" በይ፣ ጠይቀሻቸው መልሱ እንደዛ ከሆነ ማለት ነው። ከዛ በስራ ላይ ያለ ልብ የሚያሳይ ምርመራ ይጠየቅ። ትሬድሚል ብቻ ካለ እሱም ይሰራል፣ ግን ውስንነቱን እወቁ፣ ሴቶች ላይ ሳይኖር አለ የሚልበት ጊዜ ይበዛል፣ ኖሮ የሚያልፍበትም አለ፣ ደግሞ መራመድ የሚያቅታቸው ከሆነ ምንም አይነግርም። ከተገኘ ልብ በድካም ጊዜ በኢኮ የሚታይበት ምርመራ ወይም የልብ ደም ስር ሲቲ ለሳቸው የተሻለ ነው። ለሲቲው የሚሰጠው ቀለም ኩላሊት ላይ ስለሚከብድ አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይደረግ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድሀኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሀኪሙ ንገሩት። እና ትሬድሚሉ ንጹህ ወጥቶ ታሪኩ ግን አሁንም የልብ የሚመስል ከሆነ እዛ ላይ አታቁሙ፣ የነጋዴው ታሪክ ላይ 3 ወር የተጨመረው ኖርማል የሚል ወረቀት ተይዞ ቤት ስለተገባ ነው። ምርመራው ልብ አይደለም ካለ ደግሞ ፊዚዮቴራፒውን ያለ ስጋት ትቀጥላላችሁ፣ እስከዛው ግን ፊዚዮቴራፒስቱ ከባድ ነገር እንዳያሸክማቸው ንገሩት፣ ለዘብ ያለ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ሁኔታ አለ። ህመሙ ቁጭ ባሉበት ወይም ተኝተው ከመጣ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ካለቀቀ፣ በቀዝቃዛ ላብ ወይም በትንፋሽ ማጠር ወይም በማስመለስ ከታጀበ፣ ወይም በፊት ሶስት ፎቅ ሲወጡ ይመጣ የነበረው አሁን ከክፍል ክፍል ሲሄዱ መምጣት ከጀመረ ወዲያው ወደ ኢመርጀንሲ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። በመንገድ ላይ የአስፕሪን አለርጂ ወይም የሚደማ የጨጓራ ቁስል ከሌለባቸው 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝከው ይዋጡ፣ ማኘኩ ቶሎ እንዲሰራ ነው። በእግራቸው እንዳይሄዱ፣ ደረጃ ካለ ተሸክማችሁ አውርዷቸው። እዛ ሲደርሱ ኢሲጂው አሁንም ኖርማል ነው ከተባላችሁ ህመሙ እያለ ደግመው እንዲያነሱና ትሮፖኒኑንም ከሰአታት በኋላ እንዲደግሙት ጠይቁ፣ ትሮፖኒን ህመሙ ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰአታት ውስጥ ገና ላይጨምር ይችላል። አሮጌውን ኖርማል ኢሲጂም ይዛችሁ ሂዱ፣ አዲሱን ከሱ ጋር ሲያስተያዩት ትንሽ ለውጥ እንኳን ትታያለች።